ዴድሊፍት ወገቤን ካሳመመኝ በኋላ፦ ብሽሽት ላይ መታጠፍን እንዴት እንደተማርኩ

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ አንድ ሐሙስ ማታ፣ ከቢሮ ወጥቼ እንደወትሮው ጂም ገባሁ። ዴድሊፍት፣ ማለትም መሬት ላይ ያለን የብረት ዘንግ ከነክብደቱ ቀጥ ብሎ እስኪቆሙ ማንሳት፣ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። ባሩ በጠቅላላው 60 ኪሎ ነው፤ ከዚያ በፊት 80 ያነሳሁበት ቀን ስላለ ብዙም አልፈራሁትም። አራተኛው ዙር ላይ አምስተኛውን አንስቼ ወደ መሬት ስመልስ፣ ባሩ ጉልበቴ ጋ ሲደርስ፣ ከቀበቶዬ በታች በግራ በኩል እንደ ክር የተበጠሰ ነገር ተሰማኝ። ድምፅ አልነበረውም። ባሩን ለቀቅኩትና ቀጥ ልል ስሞክር ግማሽ ላይ ቀረሁ። ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ ተክዬ፣ ወለሉን እያየሁ፣ ሰው እንዳያየኝ ጫማዬን የማስር መሰልኩ። ያን ማታ ካልሲዬን ያወለቀችልኝ ባለቤቴ ናት።

በሦስተኛው ቀን ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሄድኩ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ወገቤ ሳይሆን ስለ እግሬ ነው። ሕመሙ ከጉልበት በታች ይወርዳል ወይ? ይደነዝዝሃል? በተረከዝህና በጣቶችህ መራመድ ያቅትሃል? ሽንትህን መቆጣጠር አስቸግሮሃል? መቀመጫህ አካባቢ የመደንዘዝ ስሜት አለ? ሁሉም የለም ነበር። ከእነዚህ አንዱ ያለበት ሰው ይህን ጽሑፍ ማንበቡን ትቶ መታየት አለበት፤ በተለይ ሽንት መቆጣጠር ያቃተው ወይም ብልቱና መቀመጫው አካባቢ የደነዘዘው ሰው ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂድ፤ ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። የእኔ ቀላሉ ዓይነት ነበር። ተኝተህ አትዋል፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አጠር አጠር እያደረግክ ተራመድ አለችኝና እስክሪብቶዋን መሬት ላይ ጣለች።

«አንሳልኝ።»

እየተጠነቀቅኩ አነሳሁላት። «አሁን ዴድሊፍት የምትሠራው በዚህ ዓይነት ነው?» አለች። አዎ አልኩ፤ እንዲያውም በጥሩ ሁኔታ ያነሳሁ መስሎኝ ነበር። ስልኬን ተቀብላ ከጎን ቀረጸችኝና አሳየችኝ። ጉልበቴ ቀጥ ብሏል፣ መቀመጫዬ ከተረከዜ በላይ ካለበት ንቅንቅ አላለም፣ ጀርባዬ ግን ከቀበቶው ጀምሮ እንደ ማጭድ ጎብጧል። ከሰውነቴ የታጠፈው ወገቤ ብቻ ነበር።

የሚገርመው፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው ያደረግኩት። የጂሙ አሰልጣኝ መጀመሪያ ቀን «ጉልበትህ ብዙ አይታጠፍ፣ ከወገብህ ታጠፍ» ብሎኝ ነበር። ክፋት የለውም፤ እሱ ለማለት የፈለገው ሌላ ነው። ግን ወገብ በአማርኛ ሰፊ ቃል ነው። ቀበቶ የምንታጠቀው ወገብ ላይ ነው፣ ነጠላ የምናሸርጠው ወገብ ላይ ነው፣ እጅ የሚነሳ ሰው «ከወገቡ ጎንበስ አለ» ይባላል። ዳሌ ስንል ደግሞ የሚታየን በጎን በኩል ያለው ሥጋ እንጂ መገጣጠሚያ አይደለም። ስለዚህ ከወገብህ ታጠፍ የተባለ ሰው ቀበቶው ያለበት ቦታ ላይ ይታጠፋል። እዚያ ያሉት አምስት አጥንቶች አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደሩ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ወደፊት የሚታጠፉት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ትልቁ ማጠፊያ ከነሱ በታች ነው፤ የጭን አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ ጎድጓዳ ውስጥ የገባበት ቦታ። ይህ መገጣጠሚያ ለመታጠፍ የተሠራ ነው፣ ዙሪያውንም የሰውነታችን ትልልቅ ጡንቻዎች ይዘውታል። ከውጭ ምልክቱ ብሽሽት ነው፤ ስንቀመጥ ሱሪያችን የሚጨማደድበት መስመር።

ይህን ስትነግረኝ ትዝ ያለችኝ አያቴ ናት። ጤፍ ስታርም ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ትውል ነበር፤ ጀርባዋ እንደ ጠረጴዛ ዝርግ፣ መቀመጫዋ ወደ ኋላ፣ ጉልበቷ ትንሽ ብቻ ላላ ብሎ። ልጅ ሆነን «እንዴት አይደክማትም?» እንል ነበር። መድከሙንስ ይደክማታል፤ የምትታጠፈው ግን ብሽሽቷ ላይ ነበር። እኔ ወንበር ላይ ያደግኩት የልጅ ልጇ ነኝ ያንን የረሳሁት።

እንግዲህ የተማርኩት በዚህ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ያለ ምንም ክብደት ቁሙና የሁለት እጃችሁን መዳፍ በጎኑ፣ ልክ እንደ ቢላ፣ ብሽሽታችሁ ላይ አስቀምጡ። ከዚያ እጃችሁ እጥፋቱ ውስጥ እንዲያዝ አድርጋችሁ መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ግፉት። ወደፊት ማጎንበስን አታስቡት፤ መቀመጫው ወደ ኋላ ሲሄድ ደረት በራሱ ወደፊት ይወርዳል። ሁለት እጃችሁ ዕቃ ይዞ የግቢውን በር በመቀመጫችሁ ገፍታችሁ የምትዘጉትን አስቡ። (አሰልጣኜ መቀመጫ አይልም፤ በጂም ውስጥ የሚጮኸውን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።) መዳፋችሁ ካልተያዘ፣ የታጠፋችሁት ሌላ ቦታ ነው።

ቀጥሎ እንጨቱ። የመወልወያ እንጨት ጀርባዬ ላይ አቁማ በሦስት ቦታ እንዲነካኝ አደረገች፦ የራሴ ጀርባ፣ በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መሃል፣ እና ከመቀመጫ በላይ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት። አንዱ እጅ ከአንገት ጀርባ፣ አንዱ ከወገብ ጀርባ እንጨቱን ይይዛል። ከዚያ መታጠፍ ነው፤ ሦስቱም ነጥብ ሳይለቅ። ወገብና እንጨቱ መካከል መጀመሪያ የነበረው ክፍተት ሳይለወጥ መሄድ አለበት፤ ጣት የሚያስገባ ከነበረ እስከ መጨረሻው ጣት የሚያስገባ። ክፍተቱ ጠፍቶ ወገቡ እንጨቱ ላይ ከተለጠፈ ጎብጧል ማለት ነው። መዳፍ ሙሉ ካስገባ ደግሞ ከልክ በላይ ሰርጉዷል፤ ይህም ጥሩ አይደለም። ብዙ ሰው «ቀጥ በል» ሲባል ደረቱን ነፍቶ ወገቡን ወደ ውስጥ ይቀለብሳል፤ እኔም ሁለተኛው ሳምንት ላይ ያንን ስሠራ ነው የተያዝኩት።

በእንጨቱ የገባኝ ትልቅ ነገር ገደቤን ማወቄ ነው። ደረቴ ከመሬት ጋር ወደ 45 ዲግሪ እስኪሆን ድረስ ሦስቱም ነጥብ ይነካል። ከዚያ በታች ስወርድ የታችኛው ነጥብ ይለቃል። ምክንያቱ የጭኔ የኋላ ጡንቻ ነው። ያ ጡንቻ ከመቀመጫ አጥንት ተነስቶ ከጉልበት በታች ይታሰራል። ስንታጠፍ እንደ ገመድ ይወጠራል፤ ሲያልቅበት ዳሌን አንቆ ይይዘዋል፤ ዳሌ መዞር ሲያቆም ለቀረው ርቀት የሚታጠፈው ወገብ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጉልበትን ትንሽ ማላላት። ጉልበት ሲላላ ገመዱ ይረግባል፣ ዳሌም ጥቂት ተጨማሪ ዲግሪ ያገኛል። ጉልበቱን ቆልፎ ዴድሊፍት የሚሠራ ሰው ይህን ዕድል በገዛ እጁ ይዘጋል። በጣም አጥፎ ቁጢጥ የሚል ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል፤ እመለስበታለሁ። ትክክል ስትታጠፉ የጭን ጀርባ ሲወጠር በግልጽ ይሰማችኋል። ወገባችሁ ብቻ ከተሰማችሁ ማጠፊያው ተሳስቷል።

አሁን ወደ ባሩ። እዚህ ላይ በእኛ ጂሞች በጣም የተለመደ፣ ግን ማንም የማያወራው ነገር አለ። በውድድር የሚጠቀሙበት፣ ባሩ ጫፍ ላይ የሚገባው ትልቁ ክብ ፕሌት ከዳር እስከ ዳር 45 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ባሩ ከመሬት 22 ሴንቲ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ ይቀመጣል። እኔ የምሠራበት ጂም ያሉት ፕሌቶች ብዙዎቹ እዚሁ የተቆረጡ ትንንሽ ብረቶች ናቸው። በሜትር ለካኋቸው፦ 29 ሴንቲ ሜትር። ይህ ማለት ባሩ ያለው ከመሬት 14 ተኩል ላይ ነው። ስምንት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። በቪዲዮ የሚያስተምሩትን እያየን የምንኮርጀው አቋም ለሌላ ከፍታ የተሠራ ነው። እኔ ደግሞ ገደቤ ያለው ከዚያ ከፍ ብሎ ነው፤ ስምንቱን ሴንቲ ሜትር ይከፍል የነበረው ወገቤ ነበር። አሁን ትልልቆቹ ፕሌቶች ካልተገኙ በሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት ፕሌት መሬት ላይ አነባብሬ ባሩን በላያቸው አስቀምጣለሁ። «ማጭበርበር ነው» ያለኝ ልጅ አለ። ከመሬት ማንሳት ሕግ የሚሆነው ለተወዳዳሪ ነው፤ እኔ የምወዳደረው ከማንም ጋር አይደለም።

አቋሙን በቅርብ ላሳያችሁ። ባሩ በጫማችሁ ማሰሪያ መሃል፣ ማለትም ከእግራችሁ መካከል በላይ ይሁን፤ ቆማችሁ ስታዩት ከቅልጥማችሁ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ነው። እግር በዳሌ ስፋት። ባሩን ሳታንቀሳቅሱ መጀመሪያ ብሽሽት ላይ ታጠፉ፣ እጅ ባሩ ጋ ሊደርስ ሲል ብቻ ጉልበት ይታጠፍ፣ ቅልጥም ባሩን እስኪነካ። እዚህ ላይ መቀመጫችሁ ከጉልበታችሁ ከፍ፣ ከትከሻችሁ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ትከሻ ከባሩ ትንሽ ወደፊት ያልፋል። ዓይን ከፊት ሁለት ሦስት ሜትር ላይ ያለ ወለል ይይ፤ መስታወት ውስጥ ራሱን ለማየት አንገቱን የሚቀለብስ ሰው ወገቡንም አብሮ ይቀለብሳል። ከዚያ ብብታችሁ ውስጥ ጋዜጣ የያዛችሁ ይመስል ክንዳችሁን ወደ ጎናችሁ ጨምቁ። ትንፋሽ ወደ ሆድ ሳቡና፣ ሰው ሆዳችሁን ሊመታችሁ እንደሆነ አጠንክሩት።

ከመነሳቱ በፊት አንድ ነገር ይቀራል። ባሩና ፕሌቱ መካከል ትንሽ ላላ ያለ ክፍተት አለ። ቀስ ብላችሁ ስትስቡ «ቅጭ» ይላል። ያ ድምፅ እስኪሰማ መሳብ፣ ከዚያ መሬቱን በእግር መግፋት ነው። እኔ ያለ ቅጭ፣ በአንድ ጊዜ ነበር የምመነጭቀው። ክንድ ተወጥሮ ሳይጠብቅ ክብደቱ በድንገት ሲመጣ መጀመሪያ የሚለቀው ያልተዘጋጀው ክፍል ነው፤ የእኔ ደግሞ ወገቤ ነበር።

ብብት የመጨመቁ ምክንያት ባሩን እግር ላይ ማስጠጋት ነው። ለብዙ ጊዜ ይህን እንደ ውበት ነገር ነበር የማየው፤ ቅልጥሜ እንዳይላጥ ባሩን ራቅ አድርጌ እይዝ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ ወረቀት ላይ አሰላችልኝ። ወገብን ቀጥ አድርገው የሚይዙት የጀርባ ጡንቻዎች ከአጥንቱ መሃል የሚርቁት አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። 60 ኪሎ ባር ከነበረበት 10 ሴንቲ ሜትር ወደፊት ቢርቅ፣ ያንን ተጨማሪ 10 ሴንቲ ሜትር ለመመከት ጡንቻው ከ6 ሴንቲ ሜትር ርቀት ብቻ ሆኖ መጎተት አለበት፦ 60 ሲባዛ በ10፣ ሲካፈል ለ6፤ 100 ኪሎ ይሆናል። ይህ ቀድሞ ከነበረው ጫና በላይ የሚጨመር ነው። ባሩ ላይ አንዲት ፕሌት ሳይጨመር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረጅም ካልሲ ገዛሁ፣ ባሩም ቅልጥሜንና ጭኔን እየታከከ ይወጣል።

ሲመለስስ? እኔ የተጎዳሁት ሲወርድ ነው፤ ብዙ ሰው ደግሞ መውረዱን እንደ ሥራ አይቆጥረውም። አንስቷል፣ አለቀ። ስወርድ ጉልበቴን ቀድሜ አጥፍ ነበር። ጉልበት ቀድሞ ሲወጣ የባሩን መንገድ ይዘጋል፤ ባሩ ጉልበትን ለማለፍ ወደፊት ይዞራል፤ ያው ከላይ ያሰላነው 10 ሴንቲ ሜትር መጣ። ትክክለኛው የመነሳቱ ግልባጭ ነው፦ መጀመሪያ መቀመጫ ወደ ኋላ፣ ባሩ ጭን ላይ ተንሸራቶ ከጉልበት በታች እስኪያልፍ፣ ከዚያ ብቻ ጉልበት ይታጠፍ። የዚያን ሐሙስ ዕለት ሕመሙ የመጣበት ቅጽበት ልክ ይህ መዞሪያ ላይ ነበር።

ቁጢጥ ስለማለት እመለሳለሁ ብዬ ነበር። «በወገብህ አታንሳ፣ በእግርህ አንሳ» የሚባል ምክር አለ፤ ሰምቶ መቀመጫውን መሬት ሊያስነካ የሚቀረው ሰው ታያላችሁ። ባሩ ግን በዚያ አቋም አይነሳም። ገና ሲስብ መቀመጫው ብቻውን ብድግ ይላል፣ ደረቱ ባለበት ይቀራል፣ ጉልበቱ ቀጥ ይላል፤ የቀረውን በሙሉ ጀርባው ይጨርሰዋል። ከጎን በቪዲዮ ቢታይ ባሩ ገና ከመሬት ሳይለቅ መቀመጫው አንድ ስንዝር ተነስቷል። መለያው ይህ ነው፦ ባሩ ከመሬት እስከ ጉልበት ሲሄድ ትከሻና መቀመጫ እኩል መነሳት አለባቸው። መቀመጫው ከቀደመ ወይ አነሳሱ ከመጠን በላይ ዝቅ ብሎ ጀምሯል፣ ወይ ክብደቱ በዝቷል። መጀመሪያ መቀመጫውን ትንሽ ከፍ አድርጎ መሞከር፤ ካልተስተካከለ ኪሎ መቀነስ።

ላይ ሲደርሱ ወደ ኋላ መለጠጥም አለ፤ ጂም ውስጥ በተለይ ካሜራ ሲኖር። መቀመጫን ጨመቅ አድርጎ ቀጥ ብሎ መቆም ይበቃል። ቀበቶም እንዲሁ፦ ሆድን የሚገፉበት ነገር ይሰጣል እንጂ ማጠፊያውን አያስተካክልም። ለስላሳ ሶል ያለውን የሩጫ ጫማ ግን አውልቁት፤ እኔ በካልሲ ነው የምሠራው።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። ወገብ በዴድሊፍት ጊዜ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል፤ ጥቂት ዲግሪ ሁሌም ይሄዳል። ጀርባቸው ጎበጥ ብሎ ትልቅ ክብደት የሚያነሱ ልምድ ያላቸው ሰዎችም አሉ፤ ግን ብዙውን ጊዜ ሲጀምሩ የያዙትን ቅርጽ እስከ መጨረሻው ይዘውት ነው የሚሄዱት፣ ለዓመታትም አስለምደውታል። እኔን የጎዳኝ ቀጥ ብሎ ጀምሮ ክብደቱ ላይ እያለ መጉበጡ ነው፤ ያውም በደከምኩበት ዙር። አሁን ስልኬን በውኃ ጠርሙስ አስደግፌ፣ በዳሌ ከፍታ፣ ልክ ከጎን እቀርጻለሁ። የመጀመሪያውን ሳይሆን የመጨረሻውን አነሳስ ነው የማየው። የቲሸርቴ ጀርባ ቀበቶው አካባቢ ባሩ ሲለቅ ቅርጹን ከቀየረ፣ ያ ቀን እዚያ ላይ ያበቃል።

የተመለስኩት በዝግታ ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት እግር ጉዞ ብቻ። ከዚያ ሁለት ሳምንት እንጨቱ፣ በየቀኑ አሥር አሥር ጊዜ ሁለት ዙር፤ ግድግዳም እጠቀም ነበር፣ ከግድግዳ አንድ ጫማ ያህል ርቄ ቆሜ በመቀመጫዬ እየነካሁ፣ ሲለምደኝ ጥቂት እየራቅኩ። በአራተኛው ሳምንት 12 ኪሎ ኬትልቤል ይዤ እስከ ጉልበቴ ብቻ ወረድኩ። በስድስተኛው ባር፣ በፕሌት ላይ ከፍ አድርጌ፣ 40 ኪሎ። በአሥረኛው ሳምንት 60ን አነሳሁ፤ በየሳምንቱ ከአምስት ኪሎ በላይ አልጨመርኩም። መለኪያዬ ማግስቱ ጠዋት ነበር። የጭን ጀርባና መቀመጫ ከደከመ ይቀጥላል። ወገብ በሁለቱም ጎን ትንሽ ሥራ የሠራ ያህል ከተሰማው ችግር የለውም። አንዲት ነጥብ ላይ የሚወጋ ከሆነ ወይም ካልሲ ለማድረግ ካስቸገረኝ ወደ ቀደመው ሳምንት ኪሎ እመለሳለሁ፤ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ።

እንጨቱን አሁንም ከማሟሟቂያዬ አላወጣሁትም። የራሴ እንጨት ስለሌለኝ ጥግ ላይ ከቆመው መወልወያ ጨርቁን ፈትቼ እወስዳለሁ፤ ጽዳት የሚሠሩት እትዬም ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ወደ እኔ መምጣት ለምደዋል። «አንተ ልጅ፣ ጀርባህ ገና አልተቃናም? መወልወያዬን አምጣ፣ ወለሉ ሊደርቅብኝ ነው።»